የልጄ ወሬ ደብዳቤ የሆነ ዕለት

ልጄ ለጓደኛዋ የጻፈችውን መልእክት ስታነብልኝ ሳቁንም እየጨመረች ነበር። ስልኳ ላይ ያለው ቋንቋ አማርኛ ነው፤ የተጻፈው ግን በፈረንጅ ፊደል ስለሆነ እኔ ላነበው አልችልም። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። የእኛን ፊደል ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ የእነሱን የሳሙና ካርቶን ላይ ከማየት በቀር አላውቀውም። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታነባለች፣ እኔ ከሰፌድ ላይ ምስር እየለቀምኩ እሰማለሁ።

«ነፍሴ፣ ደበረኝ በቃ። ሼባው ዛሬም ቸከብኝ። ሲመሽ በሬን ያንኳኳና ‹ሪፖርቱን አብረን እንየው› ይላል፤ ሃሃሃ። ላሽ በል ብዬዋለሁ፣ አይገባውም። ፈቃድ ስጠይቀው ‹መጀመሪያ ለብቻችን ሻይ እንጠጣ› አለኝ። አላበደም? ሃሃሃ። ከዚህ ካላወጣችሁኝ ጠቅልዬ ነው የምመጣው፣ እናቴ ትሙት!»

«እኔ ምን አደረግኩሽና ነው የምትገድዪኝ?» አልኳት።

«እማ ደግሞ! የወሬ ነው እኮ።»

«ሼባው ማነው?»

«አስተባባሪያችን። ሽማግሌው ማለት ነው።»

«ስንት ዓመት ይሆነዋል?»

«አንቺን ያክላል።»

«እንግዲያው እኔም ሼባ ነኝ በያ!»

ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ሳቃችን ሳያልቅ ግን እጄ ምስሩ ላይ ቆመ። ያነበበችው ነገር ቆይቶ ነው የገባኝ።

«ሲመሽ ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«ገብቶ ያውቃል?»

ስልኳን ጭኗ ላይ ደፋችው። «አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሻማ ይዤልሽ መጣሁ ብሎ በር አስከፈተኝ። እጄን ያዘኝ። ገፍትሬው ዘጋሁ። ሌላ ምንም የለም እማ። በአባዬ ሞት፣ ሌላ ምንም የለም።»

«ይህንን ለጓደኛሽ አልጻፍሽላትም።»

«ይሄን ምን ብዬ እጽፈዋለሁ?» አለችኝ።

ልጄ የእንስሳት ትምህርት ተምራ ከተመረቀች በኋላ ሥራ ፈልጋ ብዙ ተንከራታለች። በመጨረሻ አንድ የልማት ድርጅት በኮንትራት ቀጥሮ ራቤል ከተማ ላካት። ሥራዋ በየቀበሌው እየዞሩ ስለ በግ መኖ ማስተማር ነው። ድርጅቱ አንድ ግቢ ተከራይቶ ቢሮውንም የሠራተኞቹንም መኝታ እዚያው አድርጎት ነበር። አስተባባሪው የሚያድረውም እዚያው ነው። ይህንን መጀመሪያ ስትነግረኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ልጄ የብቻዋን ቤት ከምትከራይ አጥር ያለው ግቢ ውስጥ፣ ዘበኛ ባለበት፣ ትልቅ ሰው ባለበት ብትኖር ይሻላል ብዬ። ለጎረቤትም እንዲሁ እያልኩ አውርቻለሁ።

መልእክቱን የጻፈችላት ጓደኛዋ አዲስ አበባ ዋናው ቢሮ የምትሠራ የትምህርት ቤት ባልንጀራዋ ናት። ጓደኛዋ ነገሩን እንደ ቀልድ አልተወችውም። ዋና ዳይሬክተሯ ዘንድ ገብታ «ራቤል ያለችው ልጅ ተቸግራለች» ብላ ነገረቻቸው። ዳይሬክተሯም በቃል በመጣ ነገር ላይ አልወስንም፤ ልጅቷ ራሷ በኢሜይል፣ በወጉ ትጻፍልኝና አየዋለሁ አሉ። ሰኞ ስብሰባ ስላላቸው ከዚያ በፊት ይድረሰኝ ብለዋል። ልጄ ለእሑድ ሞላሌ እኛ ዘንድ የመጣችው ለዚህ ነበር። ራቤል ሆና እንዳትጽፍ ኮምፒውተሩ ያለው የሰውየው ጠረጴዛ ላይ ነው።

«ሴት ናቸው?» አልኳት።

«ሴት ናቸው። በጣም ትልቅ ሰው ናቸው። ከቢሮ ሲወጡ ሰው ሁሉ ይቆማል።»

ሴት መሆናቸውን ስሰማ ቀለል አለኝ።

አንድ ነገር ብቻ እለምናት ነበር፤ አባቷ እንዳይሰማ። ቄስ ነው፤ እግዚአብሔርን የሚፈራ ዝምተኛ ሰው ነው። ግን በልጁ አይችልም። ቢሰማ ቅዳሴውን ለሌላ ትቶ ራቤል ይሄድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ስለ ልጃችን የማያወራ ሰው በመንዝ አይቀርም። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ገበያ ሲበተን፣ እሱ ለሰንበት ዋዜማ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ እኛ ወደ ጸሐፊዋ ቤት ሄድን።

ጸሐፊዋ የእኔ እኩያ ናት። ድሮ ወረዳ ቢሮ በታይፕ ትጽፍ ነበር። ሥራውን ከተወች በኋላ ከመንገዱ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ኮምፒውተርና ማተሚያ አስገብታ፣ ማመልከቻና የአንድ ለአምስት ሪፖርት እየጻፈች ትኖራለች። ሞላሌ ውስጥ በኢንተርኔት ደብዳቤ የምትልክም እሷ ነበረች። አፏ የተያዘ ነው፤ የሰው ጉዳይ ጽፋ ሰው ላይ አታወራም። እንዲያ ባይሆን ልጄን አልወስድባትም ነበር።

«ምነው እናንተ፣ ተመርቃ ሥራ ከያዘች በኋላ ማመልከቻ?» አለችን።

«እትዬ፣ እኔ ሪፖርት በእንግሊዝኛ ነው የምጽፈው» አለች ልጄ። «የአማርኛ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ለትልቅ ሰው ደግሞ ከየት እንደሚጀመር አላውቅም።»

«እስቲ መጀመሪያ ወሬውን እንዳለ አንብቢልኝ። ሳትቆርጪ።»

ልጄ አነበበች። ድምጿ ከቤት ይልቅ ዝቅ ብሎ ነበር። ጸሐፊዋ መነጽሯን አውልቃ ስትሰማ ቆየችና «ይህ አማርኛ ነው ወይስ የወፍ ቋንቋ?» አለች።

«የአዲስ አበባ ልጆች እንዲህ ነው የሚያወሩት።»

«አንቺ ደግሞ የሞላሌ ቄስ ልጅ ነሽ። ነይ ተቀመጪ።»

በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ያየሁት ሥራ ትዝ ይለኛል፤ እንደ እህል ማበጠር ነው። ቃሉን አንድ በአንድ ታነሳለች፣ ትጠይቃለች፣ ሌላ ቃል ትተካበታለች።

«ደበረኝ ስትይ ምን ሆነሽ ነው?»

«ሥራ አልሠራ አለኝ። እንቅልፍም የለኝ።»

«‹ሥራዬን ተረጋግቼ መሥራት አልቻልኩም።› ሼባው ማነው?»

«አስተባባሪው።»

«‹የቅርብ ኃላፊዬ።› ቸከብኝ?»

«አልተወኝም ነው። እየደጋገመ...»

«‹በተደጋጋሚ።› ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ታስታውሻለሽ? ደብዳቤ ‹ዛሬም› አይልም፤ ዛሬ የጻፍሽው እሳቸው ሲያነቡት ትናንት ነው።»

ልጄ ወሩን ነገረቻት። ጸሐፊዋ ከፊደሎቹ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል ጻፈችው።

«ላሽ በል ማለት ሂድልኝ ነው?»

«አዎ። ሂድልኝ፣ ጥፋ።»

«‹ፈቃደኛ አለመሆኔን በግልጽ አሳውቄያቸዋለሁ።›»

«አሳውቄያቸዋለሁ?» አለች ልጄ። «አንቱ ልለው ነው?»

«በደብዳቤ ሰይጣንም አንቱ ነው፣ ልጄ።»

እኔ ሳልፈልግ ሳቅኩ። ልጄ አልሳቀችም። ጸሐፊዋ እጇን አንስታ ወደ ስልኩ አመለከተችና «ይህ ሃሃሃ ያልሽው ይወጣል» አለች። «ለዳይሬክተር አይሳቅም።»

«ሳቁ ከወጣ እኮ የሚያስፈራ ነገር ሆነ» አለች ልጄ።

«ድሮም የሚያስፈራ ነበር።»

ከዚያ ጸሐፊዋ በለሰለሰ ድምፅ «በሩን ከማንኳኳት ሌላ ያደረገው አለ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጄ ወደ እኔ አየች። እኔ ራሴን ነቀነቅኩላት። ስለ ሻማው ነገረቻት። ጸሐፊዋ እሱንም ጻፈችው፤ ስትጽፈው ግን እንደ ሌላው አልደጋገመችውም፣ ዝም ብላ ነው የጻፈችው። ሲያልቅ ከላይ እስከ ታች አነበበችልን።

ከላይ ለድርጅቱ ዋና ዳይሬክተር፣ አዲስ አበባ ይላል። ቀጥሎ ጉዳዩ። «በሥራ ቦታ የደረሰብኝን ጾታዊ ትንኮሳ በተመለከተ አቤቱታ ስለማቅረብ።» ከዚያ ማን እንደሆነች፣ ምን እንደደረሰባት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ እጇን እንደያዛት፣ ፈቃድ እንደከለከላት፤ መጨረሻ ላይ ወደ ሌላ ማስተባበሪያ እንድትዛወርና ጉዳዩ እንዲጣራላት መጠየቋ። ጥርት ያለ ነበር። እኔ እንኳ ጎደለ የምለው ነገር አላገኘሁበትም።

የልጄ ፊት ግን አመድ መሰለ።

«ይሄ እኔ ነኝ?» አለች። «እትዬ፣ ይሄ ጋዜጣ ላይ የሚጻፍ ነገር ነው።»

«የነገርሽኝን ነው የጻፍኩት።»

«ነው። ግን... ይሄ ሲደርሳቸው ምን ይሆናል?»

ጸሐፊዋ የምታውቀውን አልደበቀችም። «ኮሚቴ ይቋቋማል። አዲስ አበባ ትጠሪያለሽ። እሱም ይጠራል። ምስክር አለሽ ወይ ትባያለሽ።»

«ምስክር ማን አለኝ? ዘበኛው ብቻ ነው። ዘበኛውን ያስቀጠረው እሱ ነው።»

«ያስቀመጥሽው መልእክት የለም? እሱ የጻፈልሽ?»

«በስልክ አይጽፍም። በአፉ ነው የሚናገረው።»

ኮሚቴ የሚለውን ስሰማ አራት አምስት ወንዶች ረጅም ጠረጴዛ ከበው ልጄን ለምን በር ከፈትሽ ሲሏት ታየኝ። ከዚያ ወሬው በአውቶቡስ መጥቶ ሞላሌ ሲወርድ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ሲዞር፣ አባቷ ከቅዳሴ ወጥቶ ሲሰማው ታየኝ። ነጠላዬን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

ልጄ ራሷ ነች «ለምን ዝውውር ብቻ አልጠይቅም?» ያለችው። «ከዚያ ከወጣሁ ይበቃኛል። ጓደኛዬ እንደተቸገርኩ ነግራቸዋለች። ሴት ናቸው፤ ነካ አድርጌ ባልፈው ይገባቸዋል።»

«ይገባቸዋል» አልኩ እኔም። «እንዲህ ያለውን ሴት ለሴት መዘርዘር አያስፈልጋትም።»

ጸሐፊዋ ወደ ሁለታችን አየች። «ዝውውር እኮ በቅርብ ኃላፊ በኩል ነው የሚጠየቀው።»

«ቀጥታ ይጻፉልኝ ያሉት እሳቸው ናቸው» አለች ልጄ።

«እሱስ ልክ ነው» አለች ጸሐፊዋ። ጥቂት አሰበችና የመጀመሪያውን ሳታጠፋ ለብቻው አስቀመጠችው፤ ሌላ ባዶ ገጽ ከፈተች።

ሁለተኛው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ወሰደብን፤ አጭር ሆኖ ሳለ። ጉዳዩ የሚለው ላይ «ዝውውር ስለመጠየቅ» ተባለ። «ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው» ብሎ ጀመረ። ልጄ አንዱን ስታስወጣ፣ ሌላው ብቻውን ይቀርና እሱም ያሳፍራታል፤ እሱንም ታስወጣለች። በር ማንኳኳቱ ወጣ። ሻማው ወጣ። «የቅርብ ኃላፊዬ» የሚለውም ወጣ። የቀረው እንዲህ ይላል፦ «በአሁኑ የሥራ ቦታዬ ከሥራ ሰዓት ውጭ በግል ኑሮዬ ላይ አለመመቸት የፈጠሩ ሁኔታዎች ስላጋጠሙኝና ሥራዬን ተረጋግቼ መሥራት ስላልቻልኩ፣ ወደ ሌላ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት እንድዛወር ይፈቀድልኝ ዘንድ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።» «ከሥራ ሰዓት ውጭ» የሚለውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። አንዲት እናት ያንን ብታይ ታውቃለች ብዬ አሰብኩ። ዳይሬክተሯ እናት ይሁኑ አይሁኑ ግን አላወቅኩም።

«ስለሚደረግልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ። ከሰላምታ ጋር» ብላ ዘጋችው።

«ግልባጭ ለማን?» አለች ጸሐፊዋ።

«ለማንም» አለች ልጄ ቶሎ። «ለእሱ እንዳይሄድ።»

ኢሜይሉን ሲልኩ አየሁ። ልጄ የዳይሬክተሯን አድራሻ አንድ በአንድ ጠራች፤ ጸሐፊዋ አንድ ነጥብ ብትሳሳት ሌላ ሰው ዘንድ ይሄዳል ብላ ሁለቴ አስጠራቻት። ርዕስ በሚጻፍበት ላይ ያንኑ ጉዳዩ ያለውን ደገመችው። ፊደሉ በእሳቸው ማሽን ላይ አራት ማዕዘን ብቻ ሆኖ እንዳይታይ ብላ ደብዳቤውን እንደ ሥዕል የማይለወጥ አድርጋ አባሪ አደረገችው። ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር ብዙ ጠበቅን። በመጨረሻ «ሄደ» አለች።

ውጭ ስንወጣ ልጄ ክንዴን ያዘችኝ። «ጥሩ አማርኛ ነው፣ አይደል እማ?» አለችኝ። ጥሩ ነው አልኳት። እውነትም ጥሩ አማርኛ ነበር።

እሑድ ከሰዓት ወደ ራቤል ተመለሰች። እኔ ሱቄ ቁጭ ብዬ ጨውና ሻማ እየሸጥኩ ሰኞን አሳለፍኩ። ማክሰኞ ሳትደውል ቀረች። ረቡዕ ስትደውል ድምጿ ከሩቅ ነበር፤ ኔትወርክ ፍለጋ ከግቢው ወጥታ ዳገት ላይ ቆማ ነው።

«መልስ መጣ እማ። ላንብብልሽ?»

«አንብቢልኝ።»

«‹ማመልከቻዎ ደርሶናል። የቅርብ ኃላፊዎ አስተያየት እንዲሰጡበት ለማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤቱ ተመርቷል።›»

«ተመርቷል ማለት?»

«ለሱ ልከውለታል።»

ያንን ቀን ሱቁን ዘግቼ ጸሐፊዋ ዘንድ ሄድኩ። ስነግራት መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። «መርተውለታል» አለች። «ሃምሳ ወረቀት በቀን ይመጣላቸዋል። ጉዳዩ ዝውውር ይላል። ዝውውር ከሆነ የአለቃዋ አስተያየት ይጠየቃል። አንድ መስመር ጽፈው አሳለፉት። ወረቀቱ መንገዱን ነው የሄደ።»

«ከሥራ ሰዓት ውጭ ብለን ጽፈናል እኮ!»

«ጽፈናል።»

ጸሐፊዋ እኔንም ሆነ ልጄን አልወቀሰችም፤ ብትወቅሰን ይሻለኝ ነበር።

አስተባባሪው አስተያየቱን በሁለት ቀን ጻፈ። ልጄ ግልባጩ ደርሷት አነበበችልኝ። «ሠራተኛዋ ታታሪ፣ ሥነ ምግባር ያላትና ለአካባቢው ሥራ እጅግ አስፈላጊ በመሆኗ ዝውውሩ ለጊዜው ቢዘገይ» ይላል። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ልጄን በጽሑፍ እንዲህ ያመሰገናት ሰው የለም። ቢሮው አስጠርቶ ደግሞ አነጋግሯታል።

«‹ምነው እኔን ሳትነግሪኝ?› አለኝ» አለችኝ። «‹አልተመቸኝም ብለሽ ጽፈሻል። ክፍልሽ ጠቦሽ ከሆነ ከእኔ ጎን ያለው ሰፊው ክፍል ባዶ ነው፤ ነገውኑ አስጸዳልሻለሁ› አለኝ። እየሳቀ እማ። እየሳቀ ነው ያለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«አመሰግናለሁ አልኩት። ምን ልበለው?»

«የመጀመሪያውን ደብዳቤ እንላከው» አልኳት። «አለ፤ አላጠፋችውም። ዛሬውኑ እንላከው። ኮሚቴም ይምጣ፣ አባትሽም ይስማ።»

«አሁን አይሆንም እማ። ጓደኛዬንም ጠይቄያታለሁ። አሁን ብልከው ዝውውር ስለከለከለኝ ስሙን አጠፋሁ ነው የሚሉኝ። በመጀመሪያው ላይ ለምን አልጻፍሽም ይሉኛል። ወረቀቱ እጃቸው ላይ አለ።»

እውነቷን ነበር።

ክፍሉን እንዳይቀይርባት በማግስቱ ታምሜያለሁ ብላ ፈቃድ ሳይሰጣት ወደ እኛ መጣች። አባቷ ስትገባ አይቷት «ከሳሽ፣ ልጄ» ብቻ አለ። ቁርሷን እንኳ ሳትቀምስ በረንዳ ላይ ተቀምጣ በስልኳ ጻፈች። ጸሐፊዋ ዘንድ መሄድ አላስፈለጋትም። ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ የለቀቅኩ መሆኑን በአክብሮት እገልጻለሁ የሚል ሁለት መስመር ነው። ያንን ስትጽፍ አንድም ቃል አልቸገራትም። መልሱም ያን ዕለት መጣ፤ ለአገልግሎቷ አመስግነው፣ ርክክብ ጨርሳ ክሊራንስ እንድታመጣ፣ ለወደፊቱ መልካም ዕድል እንዲገጥማት የሚል።

ክሊራንሱ ላይ የሚፈርመው እሱ ነው። ብቻዋን አልሰዳትም ብዬ አብሬያት ሄድኩ። ለአባቷ ዕቃዋን ላግዛት ነው አልኩት፤ ውሸት አልነበረም።

ሰውየው ሲያየን ከወንበሩ ተነሳ። ሁለት እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ፣ ወንበር አቀረበልኝ። ፀጉሩ ገባ ገባ ብሎ ሸብቷል፤ ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል። መንገድ ላይ ሳያውቁት ቢያጋጥም ሰላም የሚባል ሰው ነው። ከሞላሌ እስከ ራቤል ስጓዝ በልቤ የያዝኩት ንግግር ነበረኝ።

«እማማ፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት» አለኝ። «እንደ ልጄ ነበር የማያት። ችኮላ አበዛች እንጂ እኔ አልፈልግም ነበር።»

ልጄ መስኮቱ ጋ ቆማ የደጁን አጥር ታያለች። ትከሻዋ ከፍ ብሎ ቀርቷል። እዚያ ክፍል ውስጥ አፌን ብከፍት ፊርማው እንደሚቀር፣ ያለ ፊርማው የሥራ ልምድ ወረቀቷን እንደማይሰጧት፣ ያለ እሱ ሌላ ቦታ እንደማትቀጠር አውቃለሁ። እሷ መንገድ ላይ ሁሉንም ነግራኛለች።

«ይፈርሙላት» አልኩት።

ፈረመ። ማኅተሙንም ራሱ አሳረፈበት፣ እፍ ብሎ አደረቀው። «ቦታዋን ክፍት አንተወውም» አለ ወረቀቱን ሲያቀብለኝ፤ «ሌላ ልጅ እንዲልኩልን ጠይቀናል። እሷም አዲስ ተመራቂ ናት አሉ።»

የልጄን ፍራሽና ሻንጣ ይዘን በአይሱዙ ተሳፈርን። ጓሳ ላይ ስንደርስ ጉም ወርዶ መንገዱም ሳሩም ጠፍቶ ነበር፤ ሹፌሩ መብራት አብርቶ በእግር ያህል ነዳ። ልጄ ስልኳን አውጥታ ያዘችና ረጅም ጊዜ ሳትነካው ቆየች።

«የምትመጣው ልጅ ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«አላውቅም። ገና አልቀጠሯትም።»

«እናቷም አታውቅም።»

ይህን ያልኩት ለራሴ ነበር። እሷ ግን ቀና ብላ አየችኝና መጻፍ ጀመረች። በእኛ ፊደል ነው የጻፈችው፤ አጠገቧ ስለነበርኩ አነበብኩት። ለዋና ዳይሬክተሯ ነው። ከላይ በርዕሱ የሚል የለበትም። ቀልድም የለበትም። ማን እንደሆነች፣ ሥራዋን ለምን እንደለቀቀች፣ ሰውየው ያደረገውን በተደረገበት ተራ አስቀምጣ፣ «አሁን ለራሴ የምጠይቀው የለም፤ በእኔ ምትክ የምትላከው ልጅ እዚያ ግቢ ውስጥ እንዳታድር ብቻ እጠይቃለሁ» ብላ ጨረሰች። አንድ ቦታ ላይ ቆማ «እማ፣ ‹ያዙኝ› ልበል ‹ያዘኝ›?» አለችኝ። «የፈለግሽውን በይ» አልኳት። «ያዘኝ» ብላ ጻፈች።

ኔትወርክ አልነበረም። መሐል ሜዳ ከተማ ስንገባ መልእክቱ ሄደ።

መልስ አልመጣም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት እያለች ስልኳን ትከፍታለች፤ በኋላ መክፈቱንም ተወችው። ደርሷቸው ዝም አሉ፣ ወይስ ሥራ ከለቀቀ ሰው የመጣ ስለሆነ አላነበቡትም፣ ወይስ እሱንም ለአንድ ሰው መሩት፣ እስካሁን አላወቅንም። የጓደኛዋ መልእክት ግን ዝናቡ ሲገባ መጣ። ራቤል ልጅ ተልካለች ይላል። ከወሎ በኩል የመጣች፣ ዝምተኛ ልጅ ናት አሉ።

«የልጅቷን ስልክ ቁጥር ላኪልኝ በያት» አልኳት።

ብላታለች። ጓደኛዋ ጠይቃ፣ አፈላልጋ፣ በመጨረሻ አንድ ቁጥር ላከችልን። ልጄ ደወለች። ያነሳው ወንድ ነው። ድምፁን አወቀችውና ምንም ሳትናገር ዘጋችው፤ የላኩልን የራቤሉን ቢሮ ስልክ ነበር።